ሃያ ሦስት ሰዎችና የግጥምጥሞሽ ስሌት

በ2014 እ.ኤ.አ. ብራዚል ባስተናገደችው የዓለም ዋንጫ 32 ብሔራዊ ቡድኖች ተሳትፈዋል። እያንዳንዱ ቡድን ይዞ የቀረበው 23 ተጫዋቾችን ነበር። ለጊዜው ጎሉንና ዋንጫውን ትተን የተጫዋቾቹን የልደት ቀን ብቻ እንመልከት። የተወለዱበት ዓመት ቢለያይም ወሩና ቀኑ የገጠመላቸው ሁለት ተጫዋቾች በስንቱ ቡድን ውስጥ ይገኛሉ? ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ ተጫዋቾቹ 23 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ቢበዛ በሁለት ቡድን» ብሎ ቢገምት አይገርምም። መልሱ ግን 16 ነው፤ ልክ የቡድኖቹ ግማሽ። አዘጋጇ ብራዚል፣ አርጀንቲና፣ ፈረንሳይ፣ ካሜሩንና ናይጄሪያ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ከ16ቱ በአምስት ቡድኖች ውስጥ እንዲያውም ሁለት ሁለት ጥንድ ተገኝቷል።

ይህ ውጤት የሒሳብ ሰዎችን አላስደነቀም። የልደት ቀን ፓራዶክስ የሚባለው እንቆቅልሽ በ23 ሰዎች መካከል ቢያንስ ሁለቱ የልደት ቀን የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ በጥቂቱ እንደሚበልጥ አስቀድሞ ይናገራልና። ፓራዶክስ መባሉ በስሌቱ ውስጥ የሚጋጭ ነገር ስላለ አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከስሌቱ ጋር የሚጋጨው ግምታችን ነው። ግምታችን የት ላይ እንደሚስት ካወቅን ደግሞ ከልደት ቀን በጣም የራቁ ነገሮችን፣ የሎተሪን ዕጣና የፍርድ ቤትን ማስረጃ ጭምር፣ በሌላ ዓይን እናያለን።

መጀመሪያ ስሌቱን እንሥራው። «የሚገጥሙ ይኖራሉ ወይ?» ብሎ መቁጠር አስቸጋሪ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሊገጥሙ ይችላሉ፣ ሦስትም ይችላሉ፣ ሁለት የተለያዩ ጥንዶችም ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጦ «ማንም ከማንም ጋር ላይገጥም የሚችልበት ዕድል ስንት ነው?» ማለት ይቀላል። የመጀመሪያው ሰው የፈለገው ቀን ይወለድ። ሁለተኛው ከእሱ ጋር እንዳይገጥም የቀሩለት 364 ቀናት ናቸው፤ ዕድሉ 364/365 ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም እንዲለይ 363/365፣ አራተኛው 362/365 ይሆናል። በዚህ ዓይነት እስከ ሃያ ሦስተኛው ሰው፣ እስከ 343/365 ድረስ እየሄድን እናባዛቸዋለን።

እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ሲታይ ለአንድ የቀረበ ነው፤ ብዜታቸው ግን እየወረደ ይሄዳል። በአምስት ሰዎች መካከል ማንም ያለመግጠሙ ዕድል 97 በመቶ ነው። በአሥር ሰዎች 88 በመቶ፣ በአሥራ አምስት 75 በመቶ፣ በሃያ 59 በመቶ ይሆናል። ሃያ ሦስተኛው ሰው ሲጨመር ወደ 49.3 በመቶ ይወርዳል። ቀሪው 50.7 በመቶ ቢያንስ አንድ ጥንድ የመገኘቱ ዕድል ነው። ሃምሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ዕድሉ 97 በመቶ ይደርሳል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብንቆጥረውም ለውጥ የለውም፤ አሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ጳጉሜን ደግሞ አምስት ቀን፣ ድምሩ ያው 365 ነው። በእርግጥ ሰው በየቀኑ በእኩል ቁጥር አይወለድም። ነገር ግን ልደቶች በአንዳንድ ቀናት ላይ ሲበረክቱ የመግጠም ዕድል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ታዲያ ግምታችን የሚስተው ለምንድን ነው? አንድ ግብዣ ላይ እንግዶች አንድ በአንድ እየገቡ ነው እንበል፤ አዲስ የገባው ሁሉ ቀድመውት የመጡትን አንድም ሳያስቀር እየጨበጠ ሰላም ይላል። ሁለተኛው እንግዳ አንድ ሰው ይጨብጣል፣ ሦስተኛው ሁለት፣ አሥረኛው ዘጠኝ፣ ሃያ ሦስተኛው ደግሞ ሃያ ሁለት። ጭብጨባው ሁሉ ሲደመር 253 ይሆናል። በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረገው እያንዳንዱ ሰላምታ ሁለት የልደት ቀናት ጎን ለጎን ሆነው የሚነጻጸሩበት አጋጣሚ ነው። አንዱ ንጽጽር የመሳካቱ ዕድል አንድ ለ365 ብቻ ነው፤ ሙከራው 253 ጊዜ ሲደጋገም ግን አንዴ ቢሳካ የሚደንቅ አይሆንም። እንግዶቹ በእጥፍ አድገው 46 ቢሆኑ ደግሞ ሰላምታው በእጥፍ ብቻ አያድግም፤ ወደ 1,035፣ ማለትም ከአራት እጥፍ በላይ፣ ያሻቅባል። ሰው ሲገምት የሚታዩትን ሰዎች ይቆጥራል፤ የማይታዩትን ጥንዶች አይቆጥርም።

ከዚህ በታች ሌላም ስውር ምክንያት አለ። ስለ ልደት ቀን ሲጠየቅ ሰው ሳያውቀው ራሱን መሐል ላይ ያስቀምጥና «ከእነዚህ ሃያ ሁለት ሰዎች ከእኔ ጋር የሚገጥም ይኖራል?» ብሎ ያስባል። ለዚህኛው ጥያቄ የሰጠው ዝቅተኛ ግምት ስህተት የለበትም፤ ዕድሉ 6 በመቶ ገደማ ነው። ይህንኑ 6 በመቶ በ32 ቡድኖች ብናባዛው ሁለት ግድም ይመጣል፤ መግቢያው ላይ «ቢበዛ በሁለት ቡድን» ያሰኘን ይኸው ነው። ከራስ ልደት ጋር የሚገጥም ሰው የማግኘት ዕድል ግማሽ እንዲደርስ ሌሎች 253 ሰዎች ያስፈልጋሉ። የተጠየቅነው ግን «ማንም ከማንም ጋር» ተብለን ነበር። ለአንዱ ጥያቄ የሚሆነውን መልስ ለሌላው ሰጥተን ነው የምንደነቀው።

ይህ ስህተት ጋዜጣ ላይም ወጥቶ ያውቃል። አንዲት የአሜሪካ ኒው ጀርሲ ነዋሪ በ1985 እ.ኤ.አ. መገባደጃ የክፍለ ግዛቱን ሎተሪ ትልቁን ዕጣ አሸነፈች፤ አራት ወር ገደማ ቆይታ በ1986 መጀመሪያ ላይ እንደገና ደገመችው። ይህ የሚሆንበት ዕድል አንድ ለ17 ትሪሊዮን እንደሆነ ተዘገበ። ቁጥሩ ለአንድ ጥያቄ ልክ ነው፦ አስቀድመን ስሟን የጠራናት አንዲት ሴት ለሁለት የተወሰኑ ዕጣዎች አንድ አንድ ትኬት ብቻ ቆርጣ ሁለቱንም የማሸነፏ ዕድል ያን ያህል ጠባብ ነው። ነገር ግን ማንም አስቀድሞ ስሟን አልጠራም። ዜና ያደረጋት ሁለቴ ማሸነፏ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዜናው የእሱ ይሆን ነበር። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ሳሙኤልስና ማኬብ ጥያቄውን አስፍተው አሰሉት። በመላው አሜሪካ በየሳምንቱ ትኬት ከሚቆርጡት ሚሊዮኖች መካከል፣ በሰባት ዓመት ውስጥ፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ትልቅ ዕጣ ሁለቴ የማሸነፉ ዕድል ከግማሽ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ሎተሪ ላይ ብንሳሳት ጉዳቱ መደነቅ ብቻ ነው። ወንጀል ምርመራ ውስጥ ግን ነገሩ ይከብዳል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪዎች የአንድን ሰው ዲኤንኤ የሚመዘግቡት በ13 የመለያ ነጥቦች ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሪዞና የምትሠራ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጥቁር ሌላው ነጭ፣ በዘጠኝ ነጥቦች ላይ መመሳሰላቸውን አስተዋለች። ሁለት ባዕድ ሰዎች በዘጠኝ ነጥብ ይገጥማሉ ብሎ መጠበቅ ከብዙ መቶ ሚሊዮን አንዴ እንኳ የማይሆን ነገር ይመስል ነበር። በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከ65,000 በላይ ሰዎች የተመዘገቡበት የክፍለ ግዛቱ መዝገብ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተነጻጸረ። በዘጠኝ ነጥብ የገጠሙ 122 ጥንዶች ተገኙ።

የዲኤንኤ ማስረጃ ከንቱ ነው ማለት ነው? ሰላምታውን ደግመን እንቁጠር። 65,000 ሰዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ሲነጻጸሩ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ጥንዶች ይወጣሉ። በተጨማሪም የሚገጥሙት ዘጠኝ ነጥቦች የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሞ አልተወሰነም፤ ከ13 ነጥቦች ዘጠኝ የሚመረጡባቸው መንገዶች 715 ናቸው። ሁለቱ ሲባዙ ንጽጽሩ ከአንድ ትሪሊዮን ተኩል ያልፋል። በዚህ ብዛት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ጥንዶች ቢገኙ ሊያስበረግግ አይገባም።

ስለዚህ አንድ ዳኛ «ዕድሉ አንድ ለሚሊዮን ነው» ሲባል ንጽጽሩ ስንት ጊዜ እንደተደረገ መጠየቅ አለበት። ተጠርጣሪው በሌላ ማስረጃ ተይዞ፣ ወንጀሉ ከተፈጸመበት ቦታ ከተገኘው ናሙና ጋር ለብቻው ከተነጻጸረ ንጽጽሩ አንድ ብቻ ነው፤ የተነገረው ዕድልም ሙሉ ክብደቱን ይይዛል። ሌላ ፍንጭ ጠፍቶ ናሙናው በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጋር ከተነጻጸረና ተጠርጣሪው የተገኘው በዚያ ብቻ ከሆነ፣ ንጽጽሩ 65,000 ነው። አንድ ለሚሊዮን የነበረው በአጋጣሚ የመግጠም ዕድል በዚህ ጊዜ ወደ 6.5 በመቶ ያድጋል፤ ከአሥራ አምስት ፍለጋ በአንዱ ንጹሕ ሰው ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። በሙሉ መገለጫ የሚሰጡት ቁጥሮች ከአንድ ለሚሊዮን እጅግ የጠበቡ ናቸው። ዩናይትድ ስቴትስም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመዝገቧ የምትጠቀምባቸውን ነጥቦች ወደ 20 አሳድጋለች። የወንጀሉ ናሙና ተበላሽቶ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ሲነበቡለት ግን ጥያቄው ይመለሳል።

በሌላ በኩል ግጥምጥሞሽን ሁሉ «አጋጣሚ ነው» ብሎ ማለፍም ያው ስህተት ነው። ስሌቱ የሚሠራው ሰዎቹ የማይገናኙ ሲሆኑ ነው። በአሪዞናው ፍለጋ በ11 እና በ12 ነጥብ የገጠሙ ጥንዶችም ተገኝተው ነበር፤ ሲጣራ የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። እዚያ ላይ መግጠማቸው ምክንያት ነበረው። ልዩነቱን ለማወቅ የሚጠበቀውን ቁጥር አስቀድሞ መገመት ነው፤ የጥንዶቹ ብዛት በአንዱ ጥንድ ዕድል ሲባዛ ይገኛል። በሠላሳ ሰዎች መካከል 435 ጥንዶች አሉ፤ ለ365 ሲካፈል አንድ ጥንድ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ እንጠብቃለን። አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ግን በአሜሪካ አንድ ከተማ ውስጥ ከምሥራቅ አፍሪካ በስደት የመጡ ሠላሳ ሰዎች መታወቂያቸውን ጠረጴዛ ላይ አወጡ እንበል፤ ስድስቱ ላይ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ይላል። ስድስት ሰዎች አንድ ቀን ከተጋሩ በመካከላቸው አሥራ አምስት ጥንዶች አሉ፤ ከሚጠበቀው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ይህን የልደት ቀን ፓራዶክስ አያስረዳውም። የተወለዱበት ቀን በሰነድ ያልተመዘገበላቸው ብዙ ስደተኞች ወረቀታቸው ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ይጻፍላቸዋል። እዚህ ጋ ዕድል ከማስላት ይልቅ ቅጹን ማን እንደሞላው መጠየቅ ይበጃል።