የኮርኒስ ቬንቲሌተር በፒያሳ ቤት፦ መቼ ወደ ታች፣ መቼ ወደ ላይ?

«ይዞራል እንጂ ንፋስ የለውም።»

ከፒያሳ ወደ ሠራተኛ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ውስጥ የሚሠሩ ልብስ ሰፊ በየካቲት መጨረሻ ያሉኝ ይህንን ነበር። ከኮርኒሱ የተንጠለጠለው ቬንቲሌተር የመጨረሻው ፍጥነት፣ 5 ላይ ነው። ክንፎቹ እስከማይለዩ ድረስ ይሽከረከራሉ። ከሥሩ ካውያ ይዘው የቆሙት ሰውዬ ግን በየደቂቃው ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። ለካውያው ሙቀት ብሎ የገዛላቸው ልጃቸው ነው። መጀመሪያ ጥሩ ይነፍስ ነበር፤ ክረምቱ እንደወጣ አልነሳ ብሎ ሰው መጥቶ ካፓሲተሩን ቀየረላቸው፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነ።

አብሮኝ የነበረው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መፍቻ አላወጣም። «ጋሼ፣ ዕጣን አለዎት?» አላቸው። ከቡናው ረከቦት አጠገብ ማጨሻው ላይ ትንሽ ዕጣን ጣል አድርገው ከቬንቲሌተሩ ትክክል ሥር አስቀመጡት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተሳበ፤ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ወደ ዳር ተዘርግቶ በግድግዳዎቹ በኩል ቀስ እያለ ወረደ። ንፋሱ ወደ ታች ቢመጣ ኖሮ ጭሱ ገና ከማጨሻው ሳይርቅ ተጨፍልቆ ወለል ላይ ይበተን ነበር። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የሚዞረው ግን በተቃራኒው ነው።

ዕጣን የሌለው ሰው በዓይኑም ይለየዋል። ቬንቲሌተሩን አጥፍቶ ክንፉን ከጎን ሲያዩት አንዱ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ብሎ ያዘነበለ ነው። ሲዞር ከፍ ያለው ጠርዝ ከቀደመ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፤ ዝቅ ያለው ጠርዝ ከቀደመ አየሩን ወደ ላይ ያነሳል። ብዙዎቹ ቬንቲሌተሮች ከሥር ሆነው ሲያዩዋቸው ከሰዓት ቆጣሪ ዘንግ በተቃራኒ ሲዞሩ ወደ ታች እንዲነፍሱ ነው የተሠሩት። የክንፉ አቀማመጥ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ሊለያይ ስለሚችል ጠርዙን ማየት ይበልጥ ያስተማምናል።

የልብስ ሰፊው ማሽን አቅጣጫ መቀየሪያ የለውም። በውስጡ ሁለት ጥቅልል ሽቦዎች አሉ፤ ካፓሲተሩ ከአንደኛው ጋር ሲያያዝ ሞተሩ ወደ አንድ በኩል፣ ከሌላው ጋር ሲያያዝ ወደ ሌላው በኩል ይዞራል። ካፓሲተሩን የቀየረው ሰው ሁለቱን ጫፎች አቀያይሮ አስሯቸዋል። ማሽኑ ስለዞረ ሥራው የተጠናቀቀ መሰለ። ባለሙያው መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ወደ ቦታቸው መለሰ። ዐሥር ደቂቃም አልፈጀበት። ካፓሲተር የደከመበትን ቬንቲሌተር በእንጨት ገፋ አድርገው የሚያስነሱ ሰዎችም አሉ፤ እንዲህ ያለው ሞተር ወደገፉት አቅጣጫ ስለሚዞር አንድ ቀን ወደ ታች፣ በማግስቱ ወደ ላይ ሲነፍስ ይገኛል።

እዚህ ላይ ቬንቲሌተር አየር እንደማያቀዘቅዝ መታወቅ አለበት። ክፍሉ 27 ዲግሪ ከሆነ ቬንቲሌተሩ በርቶም 27 ነው፤ እንዲያውም ሞተሩ የሚወስደው 70 ወይም 80 ዋት መጨረሻው ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። የሚያቀዘቅዘው ሰውን ነው። ገላችን ዙሪያ የሚከማቸውን ሞቃት አየር ገፍቶ ያነሳል፣ ላብን ቶሎ ያተናል። ደህና ንፋስ ያገኘ ሰው የሁለት ወይም የሦስት ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ ይሰማዋል። ስለዚህ ለሙቀት ጊዜ ንፋሱ ሰው ላይ መድረስ አለበት፤ ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ በርቶ የሚውል ቬንቲሌተር ደግሞ ቆጣሪ ከማስቆጠር በቀር ፋይዳ የለውም።

ሽቦው ከተስተካከለም በኋላ ንፋሱ የሚጠበቀውን ያህል አልበረታም። ምክንያቱ የቤቱ ቁመት ነው። የጥንቱ አራዳ ቤት ኮርኒስ ከፍ ያለ ነው፤ የዚህ ክፍል 3 ሜትር ከ80 ነበር። ቬንቲሌተሩ ይዞት የመጣው ዘንግ አጭር ስለሆነ ክንፎቹ ከወለሉ 3 ሜትር ተኩል ላይ ቀርተዋል። የንፋሱ ጉልበት ሰው ጋ እስኪደርስ ያልቃል። በዚያ ላይ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በስስ አየር ውስጥ የሚዞር ክንፍ የሚገፋውም በዚያው ልክ ይቀላል። ዘንጉ በአንድ ሜትር ዘንግ ሲተካ ክንፎቹ ወደ 2 ሜትር ከ80 ወረዱ። ከዚህም ዝቅ ማለት ይቻላል፤ ሰው እጁን ሲያነሳ እንዳይነካው ግን ከ2 ሜትር ከ30 በታች ማውረድ አይገባም። የድሮ ቤት ኮርኒስ አንዳንዱ በቀለም የተቀባ አቡጀዲ፣ አንዳንዱ ስስ ጣውላ ነው፤ ማንጠልጠያው የሚታሰረው ከእሱ በላይ ካለው ወፍራም እንጨት ጋር ብቻ ነው።

አሁን 5 ላይ ሲደረግ የልኬት ወረቀቱና የተቆረጠው ፎደራ ከጠረጴዛው ተነስቶ ይበር ጀመር። ሰውዬው 3 ላይ አድርገው ተዉት፤ ለካውያው ሥራም በቃቸው። ለአዲስ አበባ ቤት መካከለኛው ፍጥነት በአብዛኛው የሚበቃ ይመስለኛል። 4 እና 5 የድሬዳዋ ወይም የጋምቤላ ፍጥነት ነው። ለሚተኛ ሰው ደግሞ 1 ወይም 2፤ ከዚያ በላይ ዓይንና ጉሮሮ ያደርቃል፣ ሌሊቱ ሲበርድም ያስነሳል።

አቅጣጫ መቀየሪያ ያለውን ቬንቲሌተር የገዛ ሰው ማብሪያው ላይ የፀሐይና የበረዶ ምስል ያገኛል፤ ወይም ሰመር እና ዊንተር የሚል ጽሑፍ። ይህን በጋ እና ክረምት ብሎ ተርጉሞ የሚጠቀም ሰው ይሳሳታል። ምልክቱ የተሠራው በጋው ሞቃት፣ ክረምቱ በረዷማ ለሆነና ቤት በማሞቂያ ለሚሞቅበት አገር ነው። እኛ ጋ ሙቀቱ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ክረምታችን ቀኑ ደመናማና ቀዝቃዛ ቢሆንም ሌሊቱ ያን ያህል አይወርድም። ብርዱ አጥንት የሚሰብረው በበጋው መካከል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። ቀኑ ደግሞ በእነዚያው ወራት ፀሐይ ነው። አንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም አቅጣጫ የሚፈልግ አገር ነው ያለነው።

የበረዶው ምልክት የሚያዘው ወደ ላይ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ሐሳቡ ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ኮርኒስ ሥር ይከማቻል፣ ቬንቲሌተሩ ከመካከል ቀዝቃዛውን እየሳበ ሞቃቱን በግድግዳ በኩል ወደ ታች ይልከዋል፣ ንፋሱ ግን ሰው ላይ አያርፍም የሚል ነው። ይህ የሚሠራው ኮርኒስ ሥር የተከማቸ ሙቀት ካለ ብቻ ነው። አብዛኛው ቤታችን ማሞቂያ የለውም። ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ፒያሳ ላይ መልሱ ቆርቆሮው ነው።

የልብስ ሰፊውን ክፍል በኅዳር እንውሰድ። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሁለት ተራ ቴርሞሜትር ቢሰቀል፣ አንዱ በተቀመጠ ሰው ደረት ልክ፣ አንዱ ከኮርኒሱ ሥር፣ የታችኛው 19፣ የላይኛው 25 አሳየ እንበል። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመው እዚያ ላይ ተቀምጧል። ቬንቲሌተሩ ወደ ላይ በ1 ቢለቀቅ ሁለቱ ተቀላቅለው ከታችም ከላይም ወደ 21 ወይም 22 ይጠጋሉ፤ ሰውዬውም ሳይበርዳቸው የመጨረሻውን ኮት ይጨርሳሉ። ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። የዚያ ክፍል አየር ሁሉ ቢመዘን 70 ኪሎ ግድም ነው፤ ዙሪያውን ያለው የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ግን ብዙ ቶን ነው፤ የወረደውን ሙቀት ቶሎ ይጠጣዋል። ፀሐይ እንደጠለቀች ስሱ ቆርቆሮ ለጠራው ሰማይ ሙቀቱን ይለቃል፤ ኮርኒሱም ይበርዳል። ሁለቱ ቴርሞሜትሮች እኩል ሲሆኑ የሚወርድ ነገር የለምና ማጥፋት ነው።

ልክ ያልሆነውም ቶሎ ይታወቃል። ወደ ላይ አድርገው ፍጥነቱን ወደ 3 ወይም 4 ከፍ ካደረጉት በግድግዳው የወረደው አየር በወለሉ ላይ ይመለስና እግር ይቀዘቅዛል። ወደ አንድ በኩል የተጎበጠ የብረት ክንፍ ያላቸው ደግሞ ሲገለበጡ ደካማ ናቸው፤ ጉብጠቱ የተሠራው ወደ ታች ለመግፋት ነውና። አቅጣጫ የሚቀየረውም ክንፉ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አደራ እላለሁ። በብርድ ሌሊት ከሰል አግብቶ በር ዘግቶ፣ «ቬንቲሌተሩ አየሩን ይቀይረዋል» ብሎ መተኛት ሰው ይገድላል። ቬንቲሌተር ያንኑ የክፍሉን አየር ያዞረዋል እንጂ ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም፤ የከሰሉ መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚዞረው ክንፍ ለክፍሉ ሁሉ እኩል ያዳርሰዋል። ከሰሉ ከመኝታ በፊት ይውጣ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳ ላይ ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች ፈርሰዋል። ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ያለው ኮርኒስ ዝቅ ያለ፣ ከላዩም ቆርቆሮ ሳይሆን ኮንክሪት ነው። እዚያ አጭሩ ዘንግ ይበቃል። በመጨረሻው ፎቅ ላይ ኮንክሪቱ የቀኑን ፀሐይ እስከ ማታ ስለሚይዝ በመጋቢት ምሽት መስኮት ከፍቶ ወደ ታች በ2 ማስነፈስ ያስፈልጋል።

ልብስ ሰፊው አሁን ሁለት መንገድ መቀየሪያ አስገጥመዋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ወደ ታች በ3 ያሠሩታል። በኅዳርና በታኅሣሥ 11 ሰዓት ላይ አጥፍተው፣ ክንፉ እስኪቆም ጠብቀው፣ ወደ ላይ በ1 ይለቁታል። አንድ ሰዓት ሲሆን ያጠፉትና ሱቁን ዘግተው ይሄዳሉ።