አንድ ማንኪያ ሶዳ ስንት ሊትር ጋዝ ይወጣዋል?

አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ አለ እንበል። 4.2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ብንጨምርበት (ከአንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ያነሰ ነው) ወዲያው አረፋ ይነሳል። አፉ ላይ ፊኛ ከገጠምንበት ፊኛው ይነፋል። የሚነፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግን ስንት ሊትር? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሶዳውን ከመጨመሩ በፊት መልሱን ወረቀት ላይ ሊያገኘው ይችላል፤ መንገዱም በሞል በኩል ነው።

ሶዳውና አቼቶው ውስጥ ያለው አሲድ የሚዋሃዱት በክብደት ተመጣጥነው አይደለም፤ በቁጥር ነው። አንድ የሶዳ ቅንጣት ከአንድ የአሲድ ሞለኪውል ጋር ይገናኝና አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ይወጣል። ቅንጣቶቹ ግን ተቆጥረው አያልቁም፤ በእጃችን ያለውም ሚዛን ብቻ ነው። ምስማር በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ የአንዱን ምስማር ክብደት ካወቀ፣ ሳይቆጥር ስንት እንደሸጠ ማወቅ ይችላል። ኬሚስቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቅንጣቶቹ እጅግ ትንንሽ ስለሆኑ ግን አንድ በአንድ ሳይሆን በትልልቅ ቁጥር ያስቧቸዋል፤ ያ ቁጥር 6.02 × 10²³ ሲሆን ይህን ያህል ቅንጣት አንድ ሞል ይባላል። በፈረንጆቹ 2019 ዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ሲከለስ ቁጥሩ 6.02214076 × 10²³ ተብሎ ያለ ምንም ቅሬታ ተወስኗል። ለትምህርት ቤት ሥራ ግን 6.02 ይበቃል።

አንድ ሞል ሶዳ ስንት ግራም ይመዝናል? የሶዳው ፎርሙላ NaHCO₃ ነው። ከፔሪዮዲክ ቴብሉ ሶዲየም 23፣ ሃይድሮጅን 1፣ ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16 ሆነው እናገኛቸዋለን። ኦክስጅኑ ሦስት ስለሆነ 48 ይሆናል፤ ሲደመር 84 ግራም። እንግዲህ የኛን 4.2 ግራም ለ84 ስናካፍል 0.05 ሞል ይመጣል። እዚህ ላይ አካፋዩና ተካፋዩ እየተገለባበጡ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል፤ 84ን ለ4.2 ካካፈለ 20 ሞል ያገኛል። ስህተቱን ለማወቅ ግን ሌላ ሒሳብ አያስፈልግም። አንድ ሞል 84 ግራም ከሆነ፣ 4.2 ግራም ከአንድ ሞል እጅግ ማነስ አለበት።

የቅንጣቱ ቁጥር ቀላል ነው፤ 0.05ን በ6.02 × 10²³ ማባዛት ነው፣ 3.01 × 10²² ይሆናል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጥያቄው ስለ ምን እንደሚጠይቅ ላይ ነው። «ስንት የኦክስጅን አተም አለ?» ከተባለ በእያንዳንዱ የሶዳ ቅንጣት ውስጥ ሦስት ስላለ በ3 ይባዛል፤ 9.03 × 10²² ይሆናል።

አሁን ወደ ጋዙ እንሂድ። አንድ ለአንድ ስለሚዋሃዱ 0.05 ሞል ሶዳ 0.05 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ይህ «አንድ ለአንድ» ግን ከተመጣጠነው ኢኩዌሽን የሚነበብ እንጂ ሁልጊዜ የሚያገለግል አይደለም። ያንኑ ሶዳ ያለ አቼቶ ምድጃ ውስጥ ብናሞቀው ሁለት ሞል ሶዳ አንድ ሞል ጋዝ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የኛ 4.2 ግራም 0.025 ሞል፣ ማለትም ግማሹን ብቻ ይለቃል። ይህን እርከን መዝለል ከስሌቱ ስህተቶች ሁሉ ጎጂው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መልሱ ሲታይ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም።

ከሞል ወደ ሊትር የሚያሻግረን ጣሊያናዊው አሜዴኦ አቮጋድሮ በ1811 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆኑ ጋዞች፣ ዓይነታቸው ምንም ይሁን ምን፣ በእኩል ይዞታ ውስጥ እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች አሏቸው አለ። በስሙ የሚጠራውን ቁጥር ራሱ አያውቀውም ነበር። በዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስና በባሕር ወለል ግፊት፣ ማለትም በአንድ አትሞስፌር፣ አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ 0.05 በ22.4 ሲባዛ 1.12 ሊትር ይሆናል። ግራሙን በቀጥታ በ22.4 ያባዛ ተማሪ ግን 94 ሊትር ያገኛል፤ ከአንድ ማንኪያ ሶዳ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ የሚተርፍ ጋዝ ማለት ነው። ደግሞም 22.4 ለጋዝ ብቻ ነው። አንድ ሞል ውኃ ፈሳሽ ሳለ 18 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

ፊኛውን አዲስ አበባ ላይ ብንለካው ግን 1.12 ሊትር አናገኝም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ቀንሶ 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ክፍሉም 20 ዲግሪ ነው እንበል። ግፊቱ ሲቀንስ ጋዙ ይሰፋል፣ ሲሞቅም ይሰፋል። በዚህ ሁኔታ አንድ ሞል 32 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የኛ 0.05 ሞልም 1.6 ሊትር ይሆናል። ከባሕር ወለል በታች ባለው ዳሎል፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ያው ጋዝ 1.3 ሊትር ገደማ ይሆናል። በሦስቱም ስሌት የሞለኪውሎቹ ቁጥር 3.01 × 10²² ነው፤ የሚለዋወጠው ሊትሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪ 22.4ን ከመጻፉ በፊት ጥያቄው መደበኛ ሁኔታ ማለቱን ማየት አለበት። ሁኔታው ራሱም ሊለያይ ይችላል፤ ዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ማኅበር ከ1982 ጀምሮ መደበኛውን ግፊት 100 ኪሎ ፓስካል ስላደረገው በዚያ የሚሄዱ መጻሕፍት 22.7 ይጠቀማሉ።

ቦታና ሙቀት የማይለውጡት ማረጋገጫ ከተፈለገ ፊኛውን ትቶ ሚዛን መጠቀም ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ሞል 44 ግራም ስለሆነ 0.05 ሞል 2.2 ግራም ይመዝናል። ሶዳውና አቼቶ የያዘው ጠርሙስ ከመቀላቀላቸው በፊት አብረው ይመዘኑ፤ አረፋው ካበቃ በኋላ አፉ ክፍት ሆኖ እንደገና ይመዘን። የጎደለው የሄደው ጋዝ ነው። ከ2.2 ግራም ጥቂት ቢያንስ አያስደንቅም፤ ጋዙ በከፊል ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። የጎደለው 0.7 ግራም ብቻ ከሆነ ግን ሶዳውን ሳይሆን አቼቶውን መጠርጠር ይገባል። 5 በመቶ አሲድ ያለው አቼቶ በ20 ሚሊ ሊትር ውስጥ የያዘው አንድ ግራም አሲድ ነው፤ የአሲዱ አንድ ሞል 60 ግራም ስለሆነ 0.017 ሞል ብቻ ማለት ነው። አሲዱ ቀድሞ ያልቃል፣ ጋዙም እዚያው ላይ ይቆማል፤ ከሶዳው ሁለት ሦስተኛው ሳይነካ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ለ4.2 ግራም ሶዳ ቢያንስ 60 ሚሊ ሊትር አቼቶ ያስፈልጋል።