«እዚያ ድርጅት ሰው ታውቃለህ?» ከማለት በፊት

«ሰላም ነው? ጠፋህ እኮ! ቤተሰብ ሁሉ ደህና? ስማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። እዚያ ድርጅት ሰው ታውቃለህ አይደል? እባክህ እንደምንም አድርገህ አስገባኝ። ሲቪዬን ልኬልሃለሁ።»

ሥራ ፈላጊ ለቆየ ወዳጅ በቴሌግራም የሚልከው መልእክት ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም። መልሱም የታወቀ ነው፤ «እሺ፣ አያለሁ» ይባላል፣ ከዚያ ዝም ነው። ላኪዋ ትቀየማለች። ተቀባዩ ደግሞ የገባውን ቃል ስላልፈጸመ ስልኳን ለማንሳት ያፍራል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ዝምታው የመጣው ከመልእክቱ አጻጻፍ ነው።

መልእክቱን እንደገና እናንብበው። የትኛው የሥራ መደብ እንደተፈለገ አይናገርም። ከድርጅቱ ሰዎች ለማን እንደሚነገር አይናገርም። ምን ተብሎ እንደሚነገርም የለበትም። ሰውየው ሊረዳት ቢፈልግ እንኳ ማስታወቂያውን ራሱ መፈለግ፣ ሲቪውን አንብቦ ማሳጠር፣ ለኃላፊው የሚልከውን ቃል ራሱ መጻፍ አለበት። ይህን ሁሉ በሥራ ቀን መካከል የሚያደርግ ጥቂት ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን «አስገባኝ» የምትለው ቃል ናት። ማስገባት በእጁ አይደለም። በእጁ ያለው ስሟን ለሚመለከተው ሰው ማድረስ ብቻ ነው።

ማንን መጠየቅ ይሻላል?

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው የቅርብ ዘመድን ወይም የልብ ጓደኛን ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ግን ሌላ ነው። በቦስተን አቅራቢያ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። በሰው አማካይነት ሥራ ካገኙት ውስጥ አገናኙን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡት አልፎ አልፎ፣ ከሩብ በላይ የሆኑት ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያም ባነሰ የሚያገኙት ሰው ነበር የረዳቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ተመልክቶ ተቀራራቢ ነገር አገኘ፤ ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የጠቀሙት በጣም የቅርብም በጣም የሩቅም ያልሆኑ ትውውቆች ናቸው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛችን የሚያውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ እኛም የምናውቃቸው ናቸው፤ የሚሰማው የሥራ ወሬም የሰማነው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አብሮን የሠራ ሰው ግን ዛሬ ሌላ ቦታ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ነው የሚውለው። ስለ ሥራችን ያየው ነገርም አለው። «ጥሩ ልጅ ናት» ከሚል አክስት ይልቅ «አብራኝ ሒሳብ ዘግታለች፣ ቀን አታሳልፍም» የሚል የቀድሞ ባልደረባ ቃል በቀጣሪ ዘንድ ይደመጣል።

ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ሁለት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ ይህ ሰው ሥራዬን አይቷል ወይ? ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ውስጥ ያለውን ሰው በእርግጥ ያውቀዋል ወይ? ሊንክድኢን ላይ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ማየት ትውውቃቸውን አያረጋግጥም፤ ብዙ ሰው ፊቱን አይቶት የማያውቀውን ሰው ጥያቄ ይቀበላል። መልእክቱ ይህን ጥርጣሬ ማስተናገድ አለበት።

አንድ ምሳሌ ከነዝርዝሩ

ለምሳሌ ያህል ሄለን የምንላት የሒሳብ ባለሙያ አለች እንበል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት አራት ዓመት ሠርታለች። አንድ የምግብ ፋብሪካ የከፍተኛ አካውንታንት ማስታወቂያ አውጥቷል። የቀድሞ ባልደረባዋ ዳዊት የፋብሪካውን የፋይናንስ ኃላፊ ያውቃታል። ሄለን እንዲህ ብትጽፍስ?

«ሰላም ዳዊት፣ እንደምን ከረምክ? ሄለን ነኝ፣ የ2014ን ሒሳብ አብረን የዘጋን። ፋብሪካው የከፍተኛ አካውንታንት ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ምዝገባው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ያበቃል። የፋይናንስ ኃላፊዋን የምታውቃት መሰለኝ። በደንብ የምትተዋወቁ ከሆነና ስለ ሥራዬ ለመናገር የሚመችህ ከሆነ፣ ቀጥሎ የምልከውን አጭር ጽሑፍ ታደርስልኛለህ? ካልተመቸህ ምንም አይደለም፤ እኔ በመደበኛው መንገድ አመለክታለሁ። አመሰግናለሁ።»

ቀጥሎ በሌላ መልእክት፣ ለብቻው፣ ይህ ይላካል፦

«ሄለን እባላለሁ። በአስመጪ ድርጅት አራት ዓመት በአካውንታንትነት ሠርቻለሁ። በየወሩ የቫት ሪፖርት የማዘጋጀውና የባንክ ሒሳብ የማስታርቀው እኔ ነኝ፤ የምንሠራው በፒችትሪ ነው። ላወጣችሁት የከፍተኛ አካውንታንት መደብ አመልክቻለሁ። ስለ ሥራው ለአሥር ደቂቃ በስልክ ልጠይቅዎት ብችል ደስ ይለኛል። ሲቪዬ ተያይዟል።»

ሁለተኛው መልእክት ለብቻው የተላከው ዳዊት ሳይነካካው በአንድ ጊዜ ወደ ኃላፊዋ እንዲያስተላልፈው ነው። በመጀመሪያው ውስጥ ቢቀላቀል «እንደምን ከረምክ»ን ቆርጦ ማውጣት ይኖርበት ነበር፤ ያቺ ትንሽ ድካም ነገሩን ለነገ ታስብለዋለች፣ ነገም አይመጣም። ጽሑፉ በሄለን አፍ ቢጻፍም ኃላፊዋን «እርስዎ» ይላል፣ ምክንያቱም የመጨረሻዋ አንባቢ ኃላፊዋ ናት። ዳዊት የሚጨምረው የራሱን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «አብራኝ ሠርታለች፣ ሥራዋን አውቀዋለሁ» ቢል በቂ ነው። ጥንቁቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ስልክ ቁጥር ከመስጠቱ በፊት ኃላፊዋን «ላገናኛችሁ?» ብሎ ይጠይቃታል። ሄለን በዚህ መዘግየት ልትከፋ አይገባትም፤ የዳዊት ቃል ነገም እንዲደመጥ የሚያደርገው ይህ ጥንቃቄ ነው።

ሄለን ማስታወቂያው የሚዘጋበትን ቀን መናገሯም ለጌጥ አይደለም። ቀን የሌለው ልመና መልስም ቀን የለውም። እርሷ ራሷ ግን የዳዊትን መልስ ሳትጠብቅ ማመልከቻዋን ማስገባት አለባት። «ሰው ይዤያለሁ» ብለው ሲጠብቁ ቀኑ ያለፈባቸው ብዙ ናቸው።

እምቢ ለማለት በር መክፈት

በእኛ ዘንድ ፊት ለፊት «አልችልም» ማለት ይከብዳል። ሰው ላለማስቀየም «እሺ» ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። «ካልተመቸህ ምንም አይደለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ይህን ችግር ያቃልላል። ዳዊት ኃላፊዋን በስም ብቻ የሚያውቃት ሊሆን ይችላል፤ ተጣልተውም ይሆናል። በሩ ከተከፈተለት «እርሷን እንኳ አልቀርባትም፣ ግን የሰው ኃይል ክፍሉ ውስጥ የማውቀው አለ» ሊል ይችላል። በሩ ከተዘጋበት የሚያገኘው መውጫ ዝምታ ብቻ ነው።

እውነተኛውን «እሺ» ከይሉኝታው መለየት ይቻላል። ሊረዳ የቆረጠ ሰው ይጠይቃል፤ «መቼ ነው የሚዘጋው?»፣ «ሲቪውን በፒዲኤፍ ላኪልኝ» ይላል። «እስቲ እናያለን» ብሎ አምስት የሥራ ቀን ያለፈው ሰው ግን ምናልባት መልሱን ሰጥቷል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአጭሩ፣ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ «ዳዊት፣ ማስታወቂያው ዓርብ ይዘጋል፤ ካልሆነልህም አልቀየምም።» ከዚያ በላይ መደወል ወዳጅን ያርቃል።

የአክብሮት አጠራርም ይታሰብበት። በቢሮ «አንቱ» ይሏቸው የነበሩትን የቀድሞ አለቃ በቴሌግራም «አንተ» ማለት ቅር ያሰኛል። «ጋሼ» ይባሉ ከነበረ ዛሬም «ጋሼ» ናቸው። በሌላ በኩል «ሰላም ነው?» ብቻ ልኮ መልስ መጠበቅ ተቀባዩን ያስጨንቀዋል፤ ምን ሊባል ይሆን እያለ መልሱን ያዘገየዋል። ሰላምታውና ጉዳዩ በአንድ መልእክት ይሂዱ።

በውጭ አገር የሚለየው

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «ሪፈራል» የሚሉት ከዚህ ይለያል። በትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኛው ስምዎን በኩባንያው የውስጥ መዝገብ ያስገባል፤ የጠቆመው ሰው ከተቀጠረ ብዙ ጊዜ የገንዘብ ሽልማት ያገኛል። መዝገቡ «ይህን ሰው እንዴት ታውቀዋለህ? ሥራውን አይተሃል?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ የሥራውን መለያ ቁጥር፣ የማስታወቂያውን ሊንክና የሚጠቀሙበትን የኢሜይል አድራሻ መያዝ አለበት፤ በምን እንደሚተዋወቁም በእውነት መናገር አለበት። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። በብዙ ኩባንያዎች ጥቆማው ከማመልከቻው መቅደም አለበት፤ አስቀድሞ ላመለከተ ሰው ላይቆጠርለት ይችላል። ስለዚህ እዚያ ከማመልከት በፊት «እናንተ ጋ ደንቡ እንዴት ነው?» ብሎ ወዳጅን መጠየቅ ይገባል። አገር ቤት ለሄለን የሰጠነው ምክር እዚያ የሚገለበጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ድንበሩ የት ነው?

ማስተዋወቅና በዘመድ ማስቀጠር አንድ አይደሉም። ያስተዋወቀ ሰው ሲቪው እንዲነበብ ያደርጋል፤ ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን የምታልፈው ሄለን ናት። ዳዊት ያላየውን ችሎታ እንዲመሰክር፣ ፈተናውን እንዲያወጣላት ወይም ሌላ አመልካች እንዲያስቀር መጠየቅ ከድንበሩ ያለፈ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ምርጫው በማስታወቂያና በውድድር ስለሆነ፣ ከወዳጅ ሊጠየቅ የሚገባው መረጃ ብቻ ነው፤ ማስታወቂያው የት ወጣ፣ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል የሚለው። «አገናኝሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ያ ማስተዋወቅ አይደለም፤ መራቅ ነው።

የመጨረሻው መልእክት የሚረሳው ነው። ሄለን ብትቀጠርም ባትቀጠርም ለዳዊት ውጤቱን ልትነግረው ይገባል፤ «ቃለ መጠይቅ ተጠራሁ»፣ «አልሆነልኝም፣ ግን ስለረዳኸኝ አመሰግናለሁ» ማለት ሁለት መስመር ነው። ስሙን አስይዞ የተናገረ ሰው ነገሩ የት እንደደረሰ ከሌላ ሰው መስማት የለበትም። ይህን የሚያደርግ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቅ ይሰማል፤ ከእርሱ በኋላ ለሚጠይቀውም መንገድ ያቀናል። ዛሬ ለአንድ ሰው ልትጽፉ ያሰባችሁ ካላችሁ መልእክቱን ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ በእርሱ ዓይን አንብቡት፤ ምን እንዲያደርግ እንደጠየቃችሁት በአንድ ንባብ ካልገባው እንደገና ጻፉት።