ዘጠኙ ስፌት የት ገባ?

ለክፍል የትርጉም ልምምድ ጥሩ የሚሆነው ምሳሌያዊ አነጋገር ቃላቱ ቀላል የሆኑ፣ ቃል በቃል ሲመለስ ግን የሚበላሽ ነው። «ኤ ስቲች ኢን ታይም ሴቭስ ናይን» የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል ለዚህ ይመቻል። ቃላቱ ስድስት ብቻ ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጠው ቢበዛ «ስቲች»፣ ማለትም ስፌት፣ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «በጊዜው የተሰፋ አንድ ስፌት ዘጠኝ ስፌቶችን ያድናል» የሚል ነው። ሰዋስው አልጎደለውም፤ ነገር ግን እንዲህ ብሎ የሚመክር ሰው የለም። «ያድናል» ሲባል ስፌቶቹ አደጋ ላይ የነበሩ ይመስላል፤ የእንግሊዝኛው ሐሳብ ግን ዘጠኝ ጊዜ ከመስፋት ያሳርፋል ማለት ነው። ዘጠኝስ ለምን ስምንት ወይም አሥር አልሆነም? «ታይም» እና «ናይን» በድምፅ ስለሚቀራረቡ ነው። ቁጥሩ ለጆሮ የገባ እንጂ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። አማርኛ ላይ ሲደርስ ያ ድምፅ ስለማይኖር ቁጥሩ ሥራ ፈቶ ይቀራል።

ሁለተኛው መልስ ፈጣን ነው፦ «ሳይቃጠል በቅጠል»። ፊልም ላይ ገጸ ባሕርይ ሲናገረው ለሚተረጉም ሰው ይህ ምርጫ ያስመሰግነዋል፤ ተመልካቹ ወዲያው ይገባዋል። ለልምምዱ ግን አይበቃም፤ ተማሪው አባባሉን ተካው እንጂ አልተረጎመውም። ቃናውም ተለውጧል። አንዱ መርፌና ክር ይዞ ረጋ ብሎ ወጪና ትርፍ ያሰላል፤ ሌላው እሳት ሲነሳ ያጣድፋል።

ስለዚህ መምህሩ ሦስተኛ ሙከራ ከማዘዙ በፊት ሁለት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ተናጋሪው ማን ነው፣ ለማንስ ይናገራል? እያዘዘ ነው ወይስ ያየውን እየነገረ? የእንግሊዝኛው አባባል ማንንም አያዝም፤ ልምድ ያለው ሰው ስለ ነገሩ በጥቅሉ ይናገራል። ቃናው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ አንዱ ቡድን «ቀዳዳ ሳይሰፋ ስፋው» ይላል እንበል። «ሰፋ» በአማርኛ ተለቀም፣ በመርፌ ጠቀመም ስለሚሆን የጠፋው የ«ታይም» እና የ«ናይን» ጨዋታ በሌላ በር ገባ። ጉድለቱ «ስፋው» ትእዛዝ መሆኑ ነው። አማርኛ ውስጥ ትእዛዝ ወንድና ሴት፣ አንተና እርስዎ ይለያል፤ ልጅ ለአባቱ «ስፋው» ቢል ምክሩ ብልግና ይሆናል። የእኛ ተረትና ምሳሌ ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ አለው፦ ባለቤቱን ሳይጠሩ በብዙ ቁጥር መናገር። በዚያ መንገድ «ሳይሰፋ ለሰፉት፣ አንድ ክር በቃው» ይወጣል። ማንም አልታዘዘም፣ ማንም አልተሰደበም፤ የክሩም ሒሳብ ተጠብቋል። ዘጠኙ ወድቋል፤ ይህ የታወቀ ኪሳራ ስለሆነ ተማሪው ከትርጉሙ ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን እንደጣለና ለምን እንደጣለ ይጽፋል።

መቁረጡ ሊያስፈራው አይገባም። ቶማስ ፉለር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1732 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስብስብ ይኸው አባባል «ሊያስቀር ይችላል» የሚል ለዘብ ያለ ቃል ነበረበት። ዛሬ ሰው አፍ ላይ ያለው ያ ቃል የወደቀለት ነው። ምሳሌያዊ አነጋገር በገዛ ቋንቋውም የሚሳለው ቃል እየጣለ ነው።

ፈተናው በጆሮ ይሁን። ጽሕፈታችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ «ሳይሰፋ» ጠብቆ ከተነበበ መርፌ ሳይነካው ማለት ይሆንና ትርጉሙ ይገለበጣል። ላልቶ ሲነበብ ግን ቀዳዳው ሳይተልቅ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ቡድን ሰምቶ በራሱ ቃል ያስረዳል። ከዚያም ጣሪያው ማንጠባጠብ ለጀመረ ጎረቤት በሥራ ላይ ያውለዋል። ሰሚው «እንዴት ማለት?» ብሎ ከጠየቀ ትርጉሙ ገና ነው። ተቆጥቶ የተናገረ ከመሰለውም ቃናው ስቷል።

መምህራን ሆይ፣ ለትርጉሙ ብቻ ነጥብ አትስጡ። ግማሹን ነጥብ ተማሪው ስለጣለው ነገር ለጻፈው ዓረፍተ ነገር አድርጉት። ምን እንደጣለ የማያውቅ ተማሪ ምን እንዳተረፈም አያውቅምና።