ገዢዎች ተማክረው ዋጋ ሲቆርጡ፦ የትምባሆው ካርቴል

ዛሬ የዕለቱን ዋጋ ለጊዜው ትተን ስለ ዋጋ አቆራረጥ እናውጋ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርቴል ሲባል ቶሎ የሚታየን ሻጮች ተስማምተው ዋጋ ሲሰቅሉ ነው። ገዢዎች ተስማምተው የገበሬውን ዋጋ ሲያወርዱም ግን ሕጉ ያው ነው። ጣሊያን ውስጥ አራት የትምባሆ አቀነባባሪዎች ከ1995 እስከ 2002 መጀመሪያ ድረስ ለገበሬና ለአማላጅ ነጋዴ የሚከፍሉትን ዋጋ አብረው ይወስኑ ነበር። አቅራቢና መጠን ይከፋፈሉም ነበር። ተፎካካሪ ገዢ ከሌለ ገበሬው ወዴት ይሂድ?

በ2002 መጀመሪያ ዴልታፊና የተባለው አቀነባባሪ ቀድሞ ለአውሮፓ ኮሚሽን ራሱን አጋለጠ። ቀድሞ የሚናገር ከቅጣት ነፃ የሚሆንበት አሠራር አለና፣ ተስፋም ተሰጠው። ኮሚሽኑ ሳይታሰብ የሌሎቹን ቢሮ ሊፈትሽ እየተዘጋጀ ሳለ፣ ሚያዝያ 4 ቀን በማኅበራቸው ስብሰባ ላይ የዴልታፊና ሰው ነገሩን ለተፎካካሪዎቹ ነገራቸው። ሁለቱ በዚያው ቀን ሮጠው የራሳቸውን ማመልከቻ አስገቡ! ፍተሻው የደረሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያኔ ምን ሰነድ ይገኛል ትላላችሁ?

በ2005 ቅጣቱ ተቆረጠ፤ በድምሩ 56 ሚሊዮን ዩሮ። ነፃ ይወጣል የተባለው ዴልታፊና ትብብሩ ታስቦለት ቢቀነስለትም 30 ሚሊዮን ደረሰው። እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ቢከራከርም በ2014 ተረታ።

ዩኒየኖች ደግሞ የስፔኑን ልብ በሉ። እዚያም አቀነባባሪዎቹ በ2004 ተቀጡ፤ የገበሬ ማኅበራቱም ከእነርሱ ጋር በጋራ ዋጋ ሲደራደሩ ስለነበር አብረው ተጠየቁ። ቅጣታቸው ግን እያንዳንዳቸው 1,000 ዩሮ ብቻ ሆነ፤ ድርድሩን የአገሪቱ ሕግና ሚኒስቴሩ ያበረታቱት ስለነበር። መንግሥት እያወቀው መሥራት ቅጣት አቀለለ እንጂ ከጥፋተኝነት አላዳነም።

በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ተፎካካሪዎች ዋጋን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንዲወስኑ አይፈቅድም። የትናንቱን የተሸጠበት ዋጋ እዚህ መለጠፍ አንድ ነገር ነው። «ነገ ከዚህ በላይ እንዳንገዛ» ብሎ በስልክ መስማማት ግን ሌላ ነው፤ ወረቀት ባይፈረምበትም። ገዢዎች ሁሉ በአንድ ጠዋት አንድ ዋጋ ይዘው ቢመጡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የውጭው ገበያ ወርዶም ሊሆን ይችላል። የውጭው ዋጋ ሲወጣ የእነሱ ካልተነቃነቀ፣ እያንዳንዱም «የእገሌ አቅራቢ ነህና ወደሱ ሂድ» የሚል ከሆነ ግን ቀኑን፣ ዋጋውንና የተባለውን መዝግባችሁ አስቀምጡ።