በሰኔ የተሠራ፣ በሐምሌ የሚከፈል፦ ወጪው የየትኛው ዓመት ነው?

ሰኔ 30 ቀን ማታ የካዝናው ገንዘብ ተቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ስለ ገጠመ ብቻ ሂሳቡ ተዘጋ ማለት አይደለም። ሥራው በሰኔ ተሠርቶ ክፍያው በሐምሌ የሚወጣ ወጪ አለ። ይህ ወጪ የአሮጌው ዓመት ነው። ወጪ የሚመዘገበው ጥቅሙ በተገኘበት ዘመን እንጂ ገንዘቡ በወጣበት ቀን አይደለምና።

ለምሳሌ ያህል በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የመብራት ወፍጮ ያለው አንድ የገበሬዎች ማኅበር አለ እንበል። መዝገቡ ብር 180,000 ትርፍ ያሳያል። አባላቱም ትርፉን ለመከፋፈል ይጠባበቃሉ። ታዲያ ምን ቀረ?

አንደኛ፣ የሰኔ ደመወዝ ብር 42,000 የሚከፈለው ሐምሌ 5 ቀን ነው። በዚህ ላይ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ ብር 4,620 ይታከላል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸኛው ነው።

ሁለተኛ፣ የመብራት ቆጣሪው የተነበበው ሰኔ 18 ቀን ስለሆነ የ12 ቀን ፍጆታ ቢል አልመጣለትም። የመጨረሻው የ30 ቀን ቢል ብር 6,000፣ ማለት በቀን 200 ከሆነ፣ የ12 ቀኑ ብር 2,400 ይሆናል። የዓመቱን አማካይ መውሰድ ግን ያሳስታል፤ አዝመራ በገባበት በጥርና እህል በሚያልቅበት በሰኔ ወፍጮው እኩል አይሠራም። ከሁሉ የሚሻለው ሰኔ 30 ማታ ቆጣሪውን ራስ ማንበብ ነው።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ሚያዝያ 1 ቀን ብር 365,000 በ12 በመቶ ተበድሯል፤ ወለዱ የሚከፈለው መስከረም 30 ነው። የዓመቱ ወለድ 43,800፣ የቀኑ 120 ነው። እስከ ሰኔ 30 ያለው 90 ቀን ብር 10,800 ያመጣል።

በጠቅላላው ብር 59,820 ነው። እያንዳንዱ ወጪ በየስሙ ዴቢት፣ ተከፋይ ደመወዝ፣ ተከፋይ ጡረታ፣ ተከፋይ መብራትና ተከፋይ ወለድ ደግሞ ክሬዲት ይደረጋሉ። እውነተኛው ትርፍ እንግዲህ ብር 120,180 ነው። 180,000ው ቢከፋፈል ኖሮ ልዩነቱን የሚሸከመው የሚመጣው ዓመት ነበር፤ በዚያ ዓመት የሚገባ አዲስ አባል ያላገኘውን ትርፍ ዕዳ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው ክፍያው ሲፈጸም ነው። ሐምሌ 5 ደመወዙ ሲወጣ ዴቢት የሚሆነው ተከፋይ ደመወዝ ነው፤ እንደገና ወጪ ከተባለ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። መስከረም 30 ብር 22,200 ወለድ ሲከፈል 10,800ው ከተከፋይ ወለድ ይቀነሳል፤ ለአዲሱ ዓመት ወጪ የሚሆነው 11,400 ብቻ ነው። ይኸውም የ95 ቀን ወለድ ነው፤ አምስቱ የጳጉሜ ቀናትም ይቆጠራሉ። የመብራቱ ቢል ከግምቱ ጥቂት ቢለይ ልዩነቱ በአዲሱ ዓመት ይያዛል እንጂ አሮጌው መዝገብ አይከፈትም።

ትክክለኛነቱን ለማወቅ በደመወዝ ወጪ ገጽ ላይ ወሮቹን ቁጠሩ። 11 ከሆኑ ሰኔ ተረስቷል፤ 13 ከሆኑ ያለፈው ዓመት ሰኔ ተደግሟል። ክፍያዎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላም ከሰኔ የዞረ ዕዳ በተከፋይ ሂሳቦቹ ላይ ከታየ፣ አንዱ ክፍያ ያለ ቦታው ተመዝግቧል ማለት ነው።