ክፍሉ ሲዘጋ የሚሰጠው ደብዳቤ

24 ሠራተኞች ያሉት አንድ ማተሚያ ቤት እንውሰድ። የጥረዛ ክፍሉ ሥራ እየጠፋ መጣና ባለቤቱ ሊዘጋው ወሰነ። በክፍሉ የሚሠሩት ስድስት ሰዎች ናቸው።

ባለቤቱ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት መቁጠር አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ20 እስከ 50 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰዎች ሲቀነሱ ጉዳዩ «የሠራተኛ ቅነሳ» ይሆናል። ስለዚህ «ክፍላችሁ ተዘግቷል፣ ደህና ሁኑ» ማለት አይበቃም። ከሠራተኞች ማኅበር ወይም ተወካዮች ጋር መመካከር ያስፈልጋል። የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ይቆያሉ፤ በዚህ እኩል ከሆኑ አገልግሎቱ አጭር የሆነው ቀድሞ ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ሴቶችና የሠራተኛ ተወካዮች ከመጨረሻዎቹ ናቸው። ወደ ሌላ ሥራ ሊዛወር የሚችል ሰው ካለም አስቀድሞ ይታያል፤ ጠራዡ ወረቀት መቁረጥ ከቻለ ለምን ይባረራል?

ደብዳቤው በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መያዝ አለበት። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች «በድርጅቱ ችግር ምክንያት» ብለው ያልፋሉ፤ ይህ ለሠራተኛው ምንም አይነግረውም። «የጥረዛ ሥራ ትእዛዝ በመቀነሱ ክፍሉ ይዘጋል፤ የሥራ መደብዎም ይሰረዛል» ቢል ግን ሠራተኛው እውነት መሆኑን ሊመረምር ይችላል። ክፍሉ ተዘግቶ በማግስቱ ሌላ ጠራዥ ከተቀጠረ ምክንያቱ ሐሰት መሆኑ ይታወቃል። ደብዳቤው በእጅ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ካልተገኘ በሥራ ቦታው ለአሥር ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል።

የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ከተሰጠበት ማግስት ጀምሮ ነው። ጥቅምት 1 የተቀበለ ሰው እስከ ታኅሣሥ 1 ይሠራል፣ ደመወዙንም ያገኛል።

ከስድስቱ አንዷ ስድስት ዓመት ያገለገለች፣ የቀን ደመወዟ 300 ብር የሆነ ሠራተኛ ናት እንበል። የስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለትም 9,000 ብር ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ 3,000 ብር ይጨመራል፤ አምስቱ ዓመት 15,000 ይሆናል። ድምሩ 24,000 ብር ነው። መባረሯ በቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 18,000 ብር ይታከልላታል፤ ጠቅላላው 42,000 ብር። ይህን ጭማሪ አሠሪዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብላታል።

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። አሠሪው ቢያዘገይ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል።

ደብዳቤውን ስትፈርሙ «ተቀብያለሁ» ከሚለው አጠገብ ቀኑን ጻፉ፤ ቅጂውንም ያዙ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።